ሺህ ሠላሳ ዘጠኝ ሰው የት ተቀመጠ?

ቦሌ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ፣ 180 ወንበር በተደረደረበት አዳራሽ፣ አንድ የሙያ ማኅበር የግማሽ ቀን ጉባኤ አደረገ እንበል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተጀምሮ 6 ሰዓት ላይ አለቀ፤ መሀል ላይ ከ4 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት የሻይ ዕረፍት ነበረው። መምጣት ያልቻሉ አባላት በዙም ገቡ። የቀረው ሕዝብ በዩቲዩብ ቀጥታ ተከታተለ። በሳምንቱ ገንዘብ ለሰጠው ድርጅት ሪፖርት ሲላክ የመጀመሪያው መስመር «በጉባኤው 1,039 ሰዎች ተሳትፈዋል» ይላል።

ጉባኤውንም ቁጥሮቹንም ለማስረዳት ብዬ እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው፤ የሪፖርቱን ዓይነት ግን የዝግጅት ሥራ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ጸሐፊውን «ከየት አመጣኸው?» ብትሉት አያፍርም። 168 ሰው በር ላይ ፈርሟል፣ የዙም ዝርዝር 231 መስመር አለው፣ ዩቲዩብ 640 «እይታ» ይላል። ደመረ፣ 1,039 መጣ። ሦስቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው። ድምሩ ነው ውሸት የሆነው። ዘይት በሊትር፣ ጤፍ በኪሎ፣ እንቁላል በፍሬ ገዝቶ ቤት ሲገባ «ዛሬ 45 ገዛሁ» እንደሚል ሰው ማለት ነው።

በር ላይ ያለው ፊርማ የሚነግረን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ሰው በአንድ ቅጽበት እዚያ ጠረጴዛ አጠገብ ቆሟል። ከዚያ በኋላ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ ይሁን፣ ፎልደሩን ተቀብሎ ወደ ቢሮው ተመልሶ ይሁን፣ ወረቀቱ አያውቅም። አበል ባለበት ስብሰባ ደግሞ ፊርማ ከሰው ይበዛል፤ «ለእገሌም ፈርሚለት፣ እየመጣ ነው» የሚባለውን ያልሰማ የለም። የሆቴሉ ሂሳብ ያስታርቀናል ብላችሁ ደግሞ አትድከሙ። ሆቴሉ ብዙ ጊዜ የሚያስከፍለው አስቀድሞ በተስማማችሁበት ሰው ልክ ስለሆነ፣ ለ150 ሰው ምሳ ካዘዛችሁ 120 ሰው ቢበላም ደረሰኙ 150 ይላል።

የዙም መስመር ደግሞ ሰው አይደለም፣ መግቢያና መውጫ ነው። ገርጂ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ስድስት ጊዜ ወጥቶ ስድስት ጊዜ የገባ አንድ አባል በዝርዝሩ ላይ ስድስት ቦታ ይወጣል። የዩቲዩብ እይታ ከዚህም ይላላል። ከፍቶ ጥቂት አይቶ የዘጋም አንድ እይታ ነው፣ እስከ መጨረሻው የቆየም አንድ እይታ ነው።

ታዲያ ሦስቱን በአንድ መለኪያ የሚመዝን ምን አለ? መልሱን ሰፈራችን ድሮም ያውቀዋል። የዕድር ስም ጠሪ ማን ለቅሶ ቤት እንደመጣና እንደሄደ ቀኑን ሙሉ አይመዘግብም። በታወቀ ሰዓት ይነሳል፣ ስም ይጠራል፣ በዚያ ደቂቃ ያለ አለ፣ የሌለ ይቀጣል። ጥያቄው «ማን መጣ?» ሳይሆን «አሁን ማን አለ?» ነው። ይህ ጥያቄ ለአዳራሹም፣ ለዙምም፣ ለዩቲዩብም እኩል ይጠየቃል፤ ሦስቱም በአንድ ዓይነት አሃድ ይመልሱታል። በተመሳሳይ ደቂቃ ሦስቱንም ቆጥሮ አማካዩን መውሰድ ነው፣ ከዚያ የተረፈው ዝርዝር ነው።

ለሦስት ሰዓት ጉባኤ አራት ጥሪ ይበቃል። እኔ የምመርጠው 3:15፣ 4:15፣ 5:15 እና 5:50 ነው፤ ሁለት ከሻይ በፊት፣ ሁለት ከሻይ በኋላ። የሻይ ዕረፍቱን መዝለል የግድ ነው፤ በዚያ ግማሽ ሰዓት አዳራሹ ባዶ ሆኖ ይቆጠራል፣ ኦንላይን ያለው ደግሞ ላፕቶፑን ሳይዘጋ ቡናውን ሊያፈላ ስለሚሄድ ሙሉ ሆኖ ይቆጠራል። የመጨረሻውን ጥሪ ልክ 6 ሰዓት ላይ ማድረግም አይሆንም። ያን ጊዜ ሰው ቦርሳውን አንጠልጥሏል።

አዳራሹን የሚቆጥር ሰው ሰዎችን ባይቆጥር ይሻለዋል። ሰው ይነሳል፣ ይዞራል፣ ከኋላ ይቆማል። ባዶ ወንበር ግን አይንቀሳቀስም። የተደረደረው 180 መሆኑን ጠዋት ካረጋገጣችሁ፣ 3:15 ላይ 62 ባዶ ወንበር ካለ 118 ሰው ተቀምጧል ማለት ነው። የቆሙ ካሉ ይጨመራሉ፤ የካሜራ ባለሙያው፣ ድምፅ የሚያስተካክለው ልጅና የአዘጋጁ ሠራተኞች አይቆጠሩም። ቦርሳ የተቀመጠበት ወንበር ያከራክራል። ባለቤቱ ስልክ ሊያነጋግር ወጥቶ ይመለሳል ብሎ እንደ ሰው መቁጠር ይቻላል፣ አለመቁጠርም ይቻላል፤ በአራቱም ጥሪ ያው ደንብ ከተያዘ ችግር የለውም። ደግሞም ቆጣሪው ከኋላ ሆኖ በስልኩ አንድ ፎቶ ቢያነሳ ለጭቅጭቅ ቀን ይጠቅማል። በእኛ ጉባኤ አራቱ ጥሪዎች 118፣ 142፣ 121 እና 99 አሉ። አማካያቸው 120 ነው።

ዙም ላይ ቆጠራው በኋላም ሊሠራ ይችላል፤ በሚከፈልበት አካውንት ስብሰባው ካለቀ በኋላ የእያንዳንዱ መስመር መግቢያና መውጫ ሰዓት ያለበት ፋይል ይወርዳል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ `Show unique users` የምትለዋን ሳጥን ምልክት ያደርጋል፤ ተደጋጋሚዎቹን አጥፍቶ ንጹሕ ዝርዝር ስለሚሰጥ ደስ ይላል። ግን መግቢያና መውጫ ሰዓቱን አብሮ ይወስድባችኋል፤ የሚቀረው ጠቅላላ ደቂቃ ብቻ ነው። ለጥሪው ሳጥኗን ክፍት ተዉና ሙሉውን አውርዱ። መግቢያው በ`C`፣ መውጫው በ`D` አምድ ከሆነ፣ `H1` ላይ ቀኑንና 09:15 ጻፉና ይህን አስገቡ፦

```
=COUNTIFS(C:C,"<="&$H$1,D:D,">"&$H$1)
```

ከ3:15 በፊት ገብተው ከ3:15 በኋላ የወጡትን ይቆጥራል፤ ስድስት ጊዜ የገባው የገርጂው ሰው በአንድ ደቂቃ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለው። መልሱ ዜሮ ከመጣ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ሰዓቶቹ በአምዱ ውስጥ ወደ ግራ ተጠግተው ከተቀመጡ ኤክሴል እንደ ጽሑፍ እንጂ እንደ ሰዓት አልተረዳቸውም። ሁለተኛው የእኛው ሰዓት ነው። የአዳራሹ ቆጣሪ 3:15 ብሎ ይጽፋል፣ ዙም 09:15 ይላል፤ እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ይህን ረስቼ፣ ኦንላይን አንድም ሰው አልነበረም የሚል ሪፖርት ልልክ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። የዙም አካውንቱ የሰዓት ክልል በሌላ አገር ተሞልቶ ከሆነም ፋይሉ በዚያ አገር ሰዓት ሊወጣ ይችላልና የመጀመሪያውን መግቢያ ከምታስታውሱት ሰዓት ጋር አስተያዩ።

ከመቁጠር በፊት ግን ፋይሉ መበጠር አለበት። ከ231 መስመሮች ተደጋጋሚዎቹ ሲገጣጠሙ 88 ስሞች ቀሩ። ከነዚህ አራቱ የቤቱ ናቸው፦ ስብሰባውን የከፈተው አካውንት፣ አዳራሹን የሚያሳየው ላፕቶፕ፣ ሁለተኛው ካሜራና አስተርጓሚዋ። እነዚህን ሳያወጡ መቁጠር ሙሽራውን ከእንግዳ መደመር ነው። አምስቱ ደግሞ አዳራሽ ተቀምጠው ስላይዱ ስላልታያቸው በስልካቸው የገቡ ናቸው፤ ወንበራቸው ላይ ተቆጥረዋልና እዚህ ይወጣሉ። 79 ሰው ቀረ።

አምስቱን እንዴት አገኘናቸው? በስም ብቻ አይገኙም። የአያት ስም ካልተጻፈ ሁለት «አበበ ተስፋዬ» መኖሩ ብርቅ አይደለም፤ አንዱ ፀጋዬ ደግሞ በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት ይጻፋል። ስሙን ሳይሞላ በስልኩ ሞዴል ስም የሚገባም አለ። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በር ላይ ያለው ወረቀትም የዙም ምዝገባውም አንድ ዓይነት መለያ ይጠይቅ፤ ስምና የስልክ ቁጥር የመጨረሻ አራት አሃዞች። ሙሉ ቁጥር አያስፈልግም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህማ የማይፈለግ መረጃ መሰብሰብ ራስን ለጣጣ መጋበዝ ነው። አንድ ሰው ላፕቶፕና ስልክ ይዞ በሁለቱም መግባቱን ደግሞ ደቂቃው ያጋልጠዋል፤ ስብሰባው 180 ደቂቃ ሆኖ ሳለ የአንድ ሰው ድምር 340 ደቂቃ ከመጣ ሁለት መሣሪያ ነው።

ከበጠርን በኋላ አራቱ የዙም ጥሪዎች 52፣ 58፣ 41 እና 37 ሆኑ። አማካይ 47።

ዩቲዩብ ስም አይሰጥም፣ ግን ጥሪውን ራሱ ሠርቶልን ይጠብቃል። ከስርጭቱ በኋላ በቻናሉ ባለቤት ገጽ ላይ በየደቂቃው ስንት ተመልካች እንደነበረ የሚያሳይ ሥዕል አለ፤ ጣታችሁን በአራቱ ደቂቃዎች ላይ ማሳረፍ ብቻ ነው። 18፣ 31፣ 22፣ 17 ይላል፤ አማካይ 22። ሪፖርት ጸሐፊዎች የሚወዱት `Peak concurrent viewers` የሚለው፣ ማለትም ከፍተኛው ቅጽበት፣ 44 ነበር። እሱን ከአዳራሹ አማካይ ጎን ማስቀመጥ የአንዱን ልጅ የፈተና አማካይ ከሌላው ልጅ ምርጥ ውጤት ጋር ማወዳደር ነው። ከፍተኛውን ከወደዳችሁ ለሦስቱም ከፍተኛውን ስጡ።

22 ትክክል መሆኑን የምናጣራበት ሌላ መንገድ አለ፣ እኔ ከሁሉ የምወደውም እሱን ነው። ዩቲዩብ በቀጥታ ስርጭቱ የታየውን ጠቅላላ ሰዓት `Watch time` ብሎ ይሰጣል። በእኛ ጉባኤ 60 ሰዓት ነበር። 60 ሰዓትን ስርጭቱ ለቆየበት 3 ሰዓት አካፍሉት፦ 20። በአማካይ ሃያ ስክሪን ሁልጊዜ ክፍት ነበር ማለት ነው። ከ22 ትንሽ ማነሱ የሻይ ዕረፍቱ ስላለበት ነው፤ ያን ጊዜ ምስሉ የማኅበሩ አርማ ብቻ ስለሆነ ብዙው ዘግቶ ሄዷል። ሁለቱ መንገዶች ከተቀራረቡ ቆጠራው ጤነኛ ነው። አንዱ 22 ሌላው 70 ቢል ኖሮ ምናልባት የድጋሚ እይታው ከቀጥታው ጋር ተቀላቅሏል። ያው 60 ሰዓት ለ640 እይታ ሲካፈል ደግሞ ለአንድ እይታ አምስት ደቂቃ ተኩል ያህል ይደርሰዋል። የ640ው ግርማ እዚህ ላይ ያልቃል።

አሁን መደመር ይቻላል። 120፣ 47 እና 22፤ በማንኛውም ደቂቃ በአማካይ 189። ከ1,039 ሲወርድ ልብ ይሰብራል፣ አውቃለሁ። ግን ማን እንደተጎዳ ተመልከቱ። በመጀመሪያው ሪፖርት የአዳራሹ ሰው ከመቶ 16 ብቻ ነበር፣ ዩቲዩብ ከመቶ 62። ያንን ያነበበ ገንዘብ ሰጪ «በሚቀጥለው ዓመት አዳራሽ ለምን እንከራያለን?» ቢል አይፈረድበትም። በአንድ መለኪያ ሲቆጠር አዳራሹ ከመቶ 63 ሆነ፣ ዩቲዩብ ከመቶ 12። ዙም ግን ከመቶ 22 ወደ 25 ነው የሄደው፣ እምብዛም አልተነካም።

አድልዎው በሌላ በኩልም ይመጣል። አንዳንዱ ሪፖርት የአዳራሹን ሰው በጾታና በክልል ሳይቀር ዘርዝሮ፣ ኦንላይን የነበሩትን «ሌሎችም በኢንተርኔት ተከታትለዋል» ብሎ ያልፋቸዋል፤ እነሱ ከልባቸው አልተከታተሉም የሚል ግምት ከበስተጀርባው አለ። ጥሪዎቹ ይህን ለመፈተን ያስችላሉ። አዳራሹ ከ142 ወደ 99 ሲወርድ ከመቶ 30 ያህሉን አጥቷል፤ ዙም ከ58 ወደ 37 ሲወርድ ከመቶ 36። ያን ያህል አይራራቁም። የኦንላይኑ ሰው ሲሸሽ ኮምፒውተር ስለሚመዘግበው ይታወቅበታል። የአዳራሹ ሰው ግን ከሻይ በኋላ ሳይመለስ ቀርቶ ፊርማው ይመሰክርለታል።

ስለዚህ ገንዘብ ሰጪው «ስንት ሰው ሙሉውን ተከታተለ?» ካለ ለሁለቱም ወገን አንድ ፈተና መሰጠት አለበት። ዙም ደቂቃ ስለሚቆጥር «ቢያንስ ግማሹን የቆየ» የሚል መስፈርት ለዙም ብቻ ማውጣት የተለመደ ነው፤ አዳራሹ ግን በአንድ ፊርማ ያልፋል። ሁለተኛ ፊርማ ከሻይ በኋላ አስፈርሙ። ዙም ላይ ደግሞ ከሻይ በፊትም በኋላም በጥሪ የተገኘውን ብቻ ውሰዱ። በእኛ ምሳሌ ሁለቱንም የፈረሙ 108 ናቸው፣ በሁለቱም ግማሽ ዙም ላይ የተገኙ 39። ዩቲዩብ ስም ስለሌለው እዚህ አይገባም፤ ባዶ መተው እንጂ ዜሮ መጻፍ አይገባም፣ ሁለቱ አንድ አይደሉምና።

የተመዘገበ ሰው ቁጥር ሌላ ጉዳይ ነው፤ በቦታው ሲውል ደህና ቁጥር ነው። ከኅዳር 19 እስከ 23 ቀን 2015 ዓ.ም 17ኛው የኢንተርኔት አስተዳደር ጉባኤ እዚሁ አዲስ አበባ፣ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ሲካሄድ፣ በአካልና በኦንላይን አንድ ላይ ከ170 አገራት ከ5,000 በላይ ተሳታፊዎች ነበሩት ተብሏል። እንዲህ ያለው ድምር የሚያስኬደው የአዳራሹም የኦንላይኑም ሰው ለመግባት አስቀድሞ በስሙ መመዝገብ ስላለበት ነው፤ አሃዱ ለሁለቱም ወገን አንድ ነው፣ ሰው። ሳይመዘገብ በዩቲዩብ የሚያይ ግን ከዚያ ውጭ ነው። ይሁንና ያ ቁጥር በአንዱ ክፍል፣ በአንዱ ውይይት ስንት ሰው እንደተቀመጠ አይነግራችሁም። አምስት ቀን የፈጀ፣ ብዙ ውይይት ጎን ለጎን የሚሄድበት ጉባኤ ነበርና። በእኛ ጉባኤ የዚህ አቻው ከ168ቱ ፊርማ 9 የአዘጋጁ ሰዎች ሲወጡ 159፣ ከዙም 79፣ በድምሩ በስም የሚታወቁ 238 ሰዎች ነው።

ሁለት ነገሮች ግን ለዚህ ሂሳብ እንቢ ይላሉ። አንዱ ብዙ ሰው በአንድ ስክሪን ሲያይ ነው። ባሕር ዳር ያሉ አባላት በቢሯቸው ፕሮጀክተር ከፍተው አሥራ ሁለት ሆነው ቢከታተሉ ዙም አንድ ይላቸዋል። እነሱን ኦንላይን ከማለት ሁለተኛ አዳራሽ ማለት ይቀላል፦ የዙም መስመራቸው ይሰረዝ፣ እዚያው ያለ ሰው በአራቱ ደቂቃዎች ይቁጠርና ቁጥሩን ይላክ። ካልላከ አንድ ሆነው ይቀራሉ። በዩቲዩብ ይህን ማወቅ ስለማይቻል ሪፖርቱ ላይ «22 ሰው» ሳይሆን «22 ስክሪን» ብዬ ነው የምጽፈው።

ሌላው ዘግይቶ የሚያየው ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ቦሌ ላይ የተጀመረ ስብሰባ በዋሺንግተን ሌሊት 8 ሰዓት ነው፣ በእነሱ ክረምት 7 ሰዓት። እዚያ ያለ አባል በቀጥታ አለመገኘቱ ግድየለሽነት አይደለም፣ ተኝቷል። በማግስቱ ቁጭ ብሎ ሙሉውን ሊያየው ይችላል፤ ጥያቄ መጠየቅና ድምፅ መስጠት ግን አይችልም። ስለዚህ ከ189ኙ ጋር አይደመርም፣ አይደበቅምም፤ በራሱ መስመር፣ እስከ ስንተኛው ቀን ድረስ እንደተቆጠረ ተጽፎ፣ በእይታ ሳይሆን በታየበት ሰዓት ይቀመጣል። ቀኑ ካልተጻፈ ቁጥሩ በየሳምንቱ ስለሚያድግ ሁለት ሰው ሁለት የተለያየ ሪፖርት ይልካል። የውጭው አባል በቀጥታ እንዲገባ ከተፈለገ ደግሞ መፍትሔው ቆጠራው ላይ የለም፤ ስብሰባውን ከቀኑ 10 ሰዓት ማድረግ ነው፣ ያን ጊዜ ዋሺንግተን ላይ ገና ረፋድ ነው።

እንግዲህ የሪፖርቱ የመጀመሪያ አንቀጽ እንዲህ ቢጻፍ ይበቃዋል፦ «በስም የታወቁ 238 ሰዎች ተሳትፈዋል፤ 159 በአዳራሽ፣ 79 በዙም። በአራት ጥሪ አማካይ በአንድ ጊዜ 120 በአዳራሽ፣ 47 በዙም ነበሩ፤ በዩቲዩብም 22 ስክሪን ክፍት ነበር። ከሻይ በፊትም በኋላም የተገኙት 108 በአዳራሽ፣ 39 በዙም ናቸው። የአዘጋጁ ሠራተኞችና መሣሪያዎች አልተቆጠሩም።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እባካችሁ አትዝለሏት። ከዚያ በፊት ግን ጠዋት አዳራሹ ሳይሞላ አንድ ሰው ገብቶ ወንበሮቹን ይቁጠር፤ ሆቴሉ 180 ነው ቢልም።